የነፃ ቪፒኤን ሒሳብ ማን ይከፍላል?



በ2015 ዓ.ም. የካቲት ወር ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገራችን ሲዘጉ ብዙዎቻችን ቪፒኤን ስልካችን ላይ ጫንን። እገዳው አምስት ወር ገደማ ቆይቶ ተነሣ፤ አፖቹ ግን እዚያው ቀሩ። ዛሬም ዶርም ውስጥ አንዱ ቪፒኤን እምቢ ሲል ሌላው ይጫናል፤ ከቴሌግራም ቻናል የወረደ ፋይል ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል። «ማን ሠራው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙም አይገኝም።

ይህ ጽሑፍ «ቪፒኤን አትጠቀሙ» አይልም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ እኛ ካልከፈልን ሒሳቡን የሚከፍለው ማን ነው? የዚህን መልስ ያወቀ ሰው የትኛውን አፕ ማጥፋትና የትኛውን ማስቀረት እንዳለበት ራሱ መወሰን ይችላል።

ቪፒኤን ምን ይሠራል?

ያለ ቪፒኤን አንድ ድረ ገጽ ስትከፍቱ ጥያቄያችሁ ከስልኩ ተነሥቶ በቴሌኮሙ ወይም በግቢው ዋይፋይ በኩል ወደ ድረ ገጹ ይሄዳል። መሐል ላይ ያለው የኔትወርክ ባለቤት የትኛውን ድረ ገጽ እንደከፈታችሁ ያያል፤ ከፈለገም ይዘጋዋል።

ቪፒኤን ሲበራ ስልካችሁ የሚልከውን ሁሉ በምስጢር ኮድ ቆልፎ ወደ ቪፒኤኑ ድርጅት ሰርቨር ይልካል። ሰርቨሩ ቁልፉን ፈትቶ በእናንተ ፈንታ ድረ ገጹን ይጠራል። ቴሌኮሙ የሚያየው ከአንድ ሰርቨር ጋር እየተገናኛችሁ መሆኑን ብቻ ነው። ድረ ገጹም የሚያየው የእናንተን ሳይሆን የሰርቨሩን አይፒ አድራሻ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ አለ። ቀድሞ ቴሌኮሙ ያየው የነበረው መረጃ አልጠፋም፤ ወደ ቪፒኤኑ ባለቤት ተዛወረ እንጂ። አብዛኞቹ ድረ ገጾች ዛሬ በ`https` ስለሚሠሩ የይለፍ ቃላችሁንና የመልእክታችሁን ይዘት እሱም በቀላሉ አያነብም። የትኛውን ድረ ገጽ፣ በስንት ሰዓት፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደተጠቀማችሁ ግን ማየት ይችላል። አንድ ሰው በወር ውስጥ የከፈታቸው የሕክምና፣ የባንክ፣ የሥራ ማመልከቻና የዲን ትምህርት ድረ ገጾች ስም ብቻ ቢደረደር ሕይወቱ ምን እንደሚመስል ብዙ ይናገራል። ስለዚህ ቪፒኤን መምረጥ ማለት ይህን አማና ለማን እንደምንሰጥ መምረጥ ማለት ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ሰርቨር በኪራይ ነው የሚገኘው፤ በላዩ የሚያልፈውም ዳታ ዋጋ አለው። እናንተ የአንድ ጊጋባይት ቪዲዮ ስታዩ ያ ጊጋባይት መጀመሪያ ወደ ሰርቨሩ ይገባል፤ ከዚያ እንደገና ወደ እናንተ ይወጣል። ተጠቃሚው ሚሊዮን ሲሆን ወጪው ከባድ ነው። ይህን ወጪ ሸፍኖ ለማትረፍ ነፃ ቪፒኤኖች በዋናነት ሦስት መንገድ ይጠቀማሉ።

የመጀመሪያው ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያ በራሱ ነውር የለበትም። ችግሩ ማስታወቂያ የሚያቀርቡት ድርጅቶች አፑ ውስጥ የራሳቸውን ኮድ ማስገባታቸው ነው። ይህ ኮድ የስልኩን መለያ ቁጥር፣ አንዳንዴም ያላችሁበትን ቦታ ሰብስቦ ይልካል። በአውስትራሊያ የምርምር ተቋም ሲ.ኤስ.አይ.አር.ኦ. ባለሙያዎች የተሳተፉበት እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት 283 የአንድሮይድ ቪፒኤን አፖችን መርምሮ ነበር። 75 በመቶዎቹ ውስጥ የሌላ ወገን የመከታተያ ኮድ ተገኝቷል። 18 በመቶዎቹ ደግሞ የሚያስተላልፉትን ዳታ ጭራሽ አይቆልፉም ነበር።

የተሰበሰበው መረጃ የት እንደሚደርስ ለማየት ለእኛ ቅርብ የሆነ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ማዘርቦርድ የተባለው የዜና አውታር፣ የሶላት ሰዓትና ቂብላ የሚያሳየው ሙስሊም ፕሮ አፕ የተጠቃሚዎችን ቦታ ኤክስ-ሞድ ለተባለ ነጋዴ ድርጅት ይልክ እንደነበርና የኤክስ-ሞድ መረጃ በኮንትራክተሮች በኩል ለአሜሪካ ጦር ይደርስ እንደነበር ዘገበ። ሙስሊም ፕሮ ከዘገባው በኋላ ግንኙነቱን ማቋረጡን አስታውቋል። ያ አፕ ቪፒኤን አልነበረም፤ የመረጃው ጉዞ ግን አንድ ዓይነት ነው። አፑ ለማስታወቂያ ወይም ለገቢ ሲል የሌላ ድርጅት ኮድ ያስገባል፤ ከዚያ በኋላ መረጃው በማን እጅ እንደሚዞር ተጠቃሚው አያውቅም።

ሁለተኛው መንገድ በቪፒኤኑ ውስጥ የሚያልፈውን ራሱን መጠቀም ነው። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 ኦናቮ የተባለ ድርጅት ገዛ። ኦናቮ ፕሮቴክት የተባለው ነፃ ቪፒኤን ለተጠቃሚው የሚነገረው መረጃውን እንደሚጠብቅለት ነበር። በሌላ በኩል ሰዎች የትኞቹን አፖች ምን ያህል እንደሚጠቀሙ ለፌስቡክ ያሳይ ነበር፤ ፌስቡክም ተፎካካሪዎቹን በዚያ ይከታተል ነበር። አፕል አፑን እ.ኤ.አ. በ2018 ከመደብሩ እንዲወጣ አደረገ። በ2023 ደግሞ የአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤት፣ መረጃው ለንግድ እንደሚውል ለተጠቃሚው በግልጽ አልተነገረም ብሎ በፌስቡክ ሁለት ቅርንጫፍ ኩባንያዎች ላይ በድምሩ 20 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቅጣት ጣለ።

ሦስተኛው መንገድ ብዙም አይታወቅም፤ ከሁሉም የከፋ ሆኖ ያገኘሁትም እሱ ነው። አፑ የሚሸጠው የእናንተን መረጃ ሳይሆን የእናንተን መስመር ነው።

መስመሩ ሲሸጥ፦ የ911 ኤስ5 ጉዳይ

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር 911 ኤስ5 የተባለ ኔትወርክ መዘጋቱንና አንቀሳቃሹ የ35 ዓመት ቻይናዊ መያዙን አስታወቀ። ኔትወርኩ የተገነባው በነፃ ቪፒኤኖች ነበር። የፕሮግራሞቹ ስም `MaskVPN`፣ `DewVPN`፣ `PaladinVPN`፣ `ProxyGate`፣ `ShieldVPN` እና `ShineVPN` ሲሆን የሚጫኑት ዊንዶውስ ባለው ኮምፒውተር ላይ ነበር። አንዳንዶቹ ሰዎች ሳያውቋቸው፣ ከተሰረቀ ሶፍትዌር ጋር ተጣብቀው ይገቡ ነበር።

አሠራሩን በአንድ ተማሪ ላፕቶፕ እንየው። ተማሪው ከእነዚህ ቪፒኤኖች አንዱን አውርዶ ይጭናል። ቪፒኤኑ በትክክል ይሠራል፤ የተዘጋው ድረ ገጽ ይከፈታል፤ ክፍያ የለም፤ እሱም ይረካል። ፕሮግራሙ ግን ከተማሪው እይታ ውጭ ከባለቤቱ ሰርቨር ጋር ግንኙነቱን ክፍት አድርጎ ይቆያል። በሌላ አገር ያለ አጭበርባሪ ለባለቤቱ ገንዘብ ከፍሎ «ከዚህ አገር፣ ከዚህ ከተማ የሆነ አይፒ አድራሻ ስጠኝ» ይላል። የተማሪው አድራሻ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ አጭበርባሪው አንድ የባንክ ድረ ገጽ ሲከፍት ጥያቄው መጀመሪያ ወደ ተማሪው ላፕቶፕ ይመጣል፤ ከላፕቶፑም ወደ ባንኩ ይወጣል። የባንኩ መዝገብ ላይ የሚቀረው የተማሪው አድራሻ ነው።

ልብ በሉ፤ ነገሩ ተገልብጧል። ተማሪው ቪፒኤን የጫነው በሌላ ሰው አድራሻ ለመውጣት ነበር። አሁን ሌላ ሰው በእሱ አድራሻ ይወጣል።

በፍትሕ ሚኒስቴሩ መግለጫ መሠረት በዚህ ኔትወርክ ውስጥ ከ19 ሚሊዮን በላይ አይፒ አድራሻዎች ነበሩ፤ ወደ 200 በሚጠጉ አገሮች። ባለቤቱ ከ2018 እስከ ሐምሌ 2022 ድረስ አድራሻዎቹን በመሸጥ 99 ሚሊዮን ዶላር ያህል አግኝቷል። ገዢዎቹ አድራሻዎቹን ለገንዘብ ማጭበርበር፣ ሰውን ለማስፈራራት፣ ለሐሰተኛ የቦምብ ዛቻ ጭምር ተጠቅመውባቸዋል። «ነፃ» የተባለው ቪፒኤን ያመጣው ትርፍ ይህን ያህል ነው።

ይህ መንገድ ሁልጊዜ በድብቅ አይሠራም። ሆላ የተባለው ታዋቂ ነፃ ቪፒኤን እ.ኤ.አ. በ2015 የነፃ ተጠቃሚዎቹን መስመር ሉሚናቲ በተባለ እህት አገልግሎቱ በኩል ለሌሎች ይሸጥ እንደነበር ሲታወቅ ዓለም አቀፍ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። አፑን የጫኑት ሰዎች ግን ይህን የተረዱት ዜናው ከወጣ በኋላ ነው።

በእኛ ሁኔታ ጉዳቱ በሁለት በኩል ይመጣል። አንደኛ፣ በሞባይል ዳታ የምትጠቀሙ ከሆነ የእንግዳው ትራፊክ የሚበላው የእናንተን ጥቅል ነው። ሁለተኛ፣ የግቢው ዋይፋይ ላይ ብዙ ተማሪ በጥቂት የውጭ አይፒ አድራሻ ነው የሚወጣው። የአንዱ ላፕቶፕ መስመር ቢሸጥ አድራሻው ይበከላል፤ ድረ ገጾችም በጥርጣሬ መላውን ግቢ ማገድ ሊጀምሩ ይችላሉ።

ስልካችሁን ለመፈተሽ ቀላል መንገድ አለ። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ቪፒኤኑን አጥፉት። ከዚያ በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ የዳታ አጠቃቀም የሚታይበትን ገጽ ከፍታችሁ የቪፒኤኑን አፕ `Background` የሚለውን ቁጥር መዝግቡ። ጠዋት እንደገና እዩት። በዋይፋይ ከሆነ ያደራችሁት የዋይፋዩን ቁጥር ተመልከቱ። ጥቂት ኪሎባይት ቢጨምር ችግር የለውም፤ አፑ ማስታወቂያ ወይም የሰርቨር ዝርዝር አውርዶ ሊሆን ይችላል። ጠፍቶ ሳለ በመቶ የሚቆጠር ሜጋባይት ካለፈበት ግን አጥፉት።

ፈቃዶቹን ማንበብ

በአንድሮይድ ማንኛውም ቪፒኤን መጀመሪያ ሲበራ `Connection request` የሚል ሳጥን ይመጣል። መልእክቱ ባጭሩ ይህ አፕ የኔትወርክ ትራፊካችሁን መከታተል የሚያስችለው ግንኙነት ሊፈጥር ነው፤ የምታምኑት ከሆነ ብቻ ተቀበሉ ይላል። ብዙዎቻችን ሳናነብ `OK` እንላለን። ይህ ፈቃድ ለቪፒኤን ግድ ነው፤ ያለሱ አይሠራም። ይሁን እንጂ ከሁሉም ትልቁ ፈቃድ እሱ ነው፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ከስልኩ የሚወጣው ሁሉ በአፑ እጅ ያልፋል።

ከዚህ ፈቃድና ከኢንተርኔት ፈቃድ ውጭ ቪፒኤን ሥራውን ለመሥራት የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ የዋይፋይን ሁኔታ ማየት፣ ስልኩ ሲነሣ መጀመርና ማሳወቂያ ማሳየት ናቸው። የሚከተሉትን ከጠየቀ ግን ቆም ብላችሁ አስቡ።

ኤስኤምኤስ ማንበብ፦ ከባንክና ከሞባይል ገንዘብ የሚመጣው የማረጋገጫ ቁጥር የሚገባው እዚህ ነው። ቪፒኤን መልእክታችሁን የሚያነብበት አንድም ምክንያት የለውም።

የስልክ ማውጫ፣ ማይክሮፎንና ካሜራ፦ ለቪፒኤን ሥራ ከቶ አያስፈልጉም።

ትክክለኛ ቦታ፦ ቅርብ ሰርቨር ለመምረጥ ነው ይላሉ። ለዚያ ግን የአይፒ አድራሻችሁ ይበቃል። የዋይፋይ ስም ለይቶ ራሱ እንዲበራ የሚያደርግ አፕ የቦታ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል፤ ብትከለክሉት ግን ዋናው ሥራ አይቆምም።

`Accessibility`፦ ይህ ለዓይነ ስውራንና ለሌሎች የአካል ጉዳት ላለባቸው የተዘጋጀ አገልግሎት ሲሆን ስክሪኑ ላይ ያለውን ማንበብና በእናንተ ፈንታ መጫን ያስችላል። ሌቦች የባንክ አፕ ለመዝረፍ አዘውትረው የሚጠቀሙበት በር ነው።

`CA certificate` መጫን፦ ይህን የተቀበለ ሰው ቀደም ሲል ይከላከልልናል ያልነውን የ`https` ቁልፍ አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው። በብሮውዘር የምትከፍቱትን ገጽ ይዘት፣ የይለፍ ቃሉን ጨምሮ፣ የቪፒኤኑ ባለቤት ሊያነብ ይችላል።

ይህን ሁሉ ሳትጭኑ በፊት ማየት ይቻላል። ፕሌይስቶር ላይ የአፑን ገጽ ከፍታችሁ `About this app` የሚለውን ንኩ፤ ወደ ታች ስትወርዱ `App permissions` ታገኛላችሁ። በዚያው ገጽ `Data safety` የሚለው ክፍል አለ፤ እዚያ የተጻፈው ግን አፑ ሠሪው ራሱ የሞላው እንደሆነ አስታውሱ። የድርጅቱን ስምና ድረ ገጽም እዩ። ስሙ የማይታወቅ፣ አድራሻው የጂሜይል ብቻ የሆነ ድርጅት የወር ሙሉ መረጃችሁን የምትሰጡት አይደለም።

«መረጃ አንይዝም» የሚለውን ቃል ብቻም አትመኑ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 ዩኤፍኦ ቪፒኤንን ጨምሮ ሰባት ነፃ ቪፒኤኖች እንዲህ እያሉ የተጠቃሚዎቻቸውን መዝገብ ያለ ይለፍ ቃል ኢንተርኔት ላይ ክፍት አድርገው ተገኝተዋል። ከአንድ ቴራባይት በላይ ነበር። አልተያዘም የተባለው መረጃ ሊጋለጥ የቻለው ተይዞ ስለነበር ነው።

ታዲያ ምን እንጠቀም?

መጀመሪያ ለምን እንደፈለጋችሁት ለዩ። የፈለጋችሁት በግቢ ወይም በካፌ ዋይፋይ ላይ ጥበቃ ብቻ ከሆነ ቪፒኤን ላያስፈልጋችሁ ይችላል፤ የባንኩም የኢሜይሉም ግንኙነት አስቀድሞ ተቆልፏል። አንድሮይድ 9 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ `Private DNS` የሚለውን ከፍታችሁ `dns.google` ወይም `one.one.one.one` ብላችሁ ጻፉ። የድረ ገጾች ስም ፍለጋ በቁልፍ እንዲሄድ ያደርጋል። አይፒ አድራሻችሁን ግን አይቀይርም፤ ትራፊካችሁንም በሌላ ሰው ሰርቨር አያሳልፍም።

ሙሉ ቪፒኤን ካስፈለገ ሒሳቡን ማን እንደሚከፍል የሚታወቀውን ምረጡ። `Proton VPN` ነፃ አገልግሎቱ ማስታወቂያ የለውም፤ የዳታ ገደብም የለውም፤ ወጪው የሚሸፈነው በከፋይ ደንበኞች ነው። የአፑ ኮድ ከ2020 ጀምሮ ለሁሉም ክፍት ነው። በምትኩ በአንድ ጊዜ በአንድ መሣሪያ ብቻ ነው የሚሠራው፤ አገሩንም እናንተ አትመርጡም፤ ሰዓቱ ሲጨናነቅ ይዘገያል።

የተዘጋ ድረ ገጽ መክፈት ብቻ ከሆነ የተፈለገው `Psiphon` አለ። ኮዱ ክፍት ነው። ማስታወቂያ ግን ያሳያል፤ ዓላማውም እገዳን ማለፍ እንጂ ማንነትን መደበቅ አይደለም። ማንነትን መደበቅ ለሚያስፈልገው `Tor Browser` ይሻላል። የምትልኩት ነገር በሦስት የተለያዩ ሰርቨሮች ያልፋል፤ የመጀመሪያው ማን እንደሆናችሁ ያያል፤ የመጨረሻው ወዴት እንደምትሄዱ ያያል፤ ሁለቱንም አንድ ላይ የሚያይ የለም። ዋጋው ፍጥነት ነው፤ ቪዲዮ ለማየት አይሆንም።

የትኛውንም ብትመርጡ ከፕሌይስቶር ወይም ከድርጅቱ ድረ ገጽ አውርዱ። በቴሌግራም የሚዞረው «ፕሪሚየም ሞድ» የተባለ ኤፒኬ ሌላ ሰው ፈትቶ እንደገና ያሰረው ፋይል ነው፤ ውስጡ ምን እንደጨመረ አይታወቅም። የዋናው ድርጅት የምስጢር ፊርማ ስለሌለው ዋናው አፕ ቢዘምን እንኳ በላዩ ላይ አይጫንም፤ በዚህም ትለዩታላችሁ።

ቪፒኤን የማያደርገውንም እንወቅ። ኢንተርኔት ጭራሽ ሲቋረጥ አይሠራም፤ ዋሻው የሚዘረጋበት መስመር የለምና። በጂሜይላችሁ ገብታችሁ ከሆነ ለጉግል ማንነታችሁን አይደብቅም። የስልኩን ጂፒኤስም አይቀይርም።

ዛሬ ስልካችሁን ከፍታችሁ በ`VPN` ሴቲንግ ውስጥ የተመዘገቡትን አፖች እዩ። ስለ እያንዳንዱ «ይህን ማን ነው የሚከፍልልኝ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ያላገኛችሁለትን መጀመሪያ እዚያው ዝርዝር ላይ `Forget` በሉት፤ ከዚያ አፑን አጥፉት። ላፕቶፕ ያላችሁ ደግሞ ከላይ የተጠቀሱትን ስድስት ስሞች በተጫኑ ፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ ፈልጉ።